አሸንና ክንፋም ጉንዳን በፎቶግራፍ ሲታዩ ስለሚለዩበት ምልክት

በሚያዝያና በግንቦት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ምድሩን ባራሰ ጊዜ፣ በምዕራብ ሸዋ ከጌዶ ደጋ ወደ ኢጃጂና ወደ ባኮ በሚወርደው አገር፣ ሲመሽ ክንፍ ያለው ነፍሳት ከመሬት እየወጣ መብራት ወዳለበት ቤት ይጎርፋል። ይኸውም ሕዝቡ አሸን የሚለው ነው። አንድ ነገር በድንገት ሲበዛ «እንደ አሸን ፈላ» መባሉም የዚህን ነፍሳት አወጣጥ ካዩ ሰዎች የመጣ አነጋገር ነው። አሸን ማለት ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። በኦሮምኛ ሪርማ የሚባለው፣ በቆሎውን ከሥሩ እየበላ የሚጥለው፣ የቤቱን ምሰሶና የጎተራውን እግር ውስጥ ለውስጥ ቦርቡሮ ባዶ የሚያደርገው ይኸው የምስጥ ወገን ነው።

ነገር ግን በዚያው በዝናብ ወራት ጉንዳንም ክንፍ አውጥቶ ይበራል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ ከቀድሞው መኖሪያ የሚለዩት ክንፋም ወንድና ሴት ለመውጣት ይመቻቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሰሞን፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሌሊት በአንድ መብራት ሥር ይገኛሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ሁለቱም ጠቆር ያሉ፣ አራት አራት ክንፍ ያላቸው ትናንሽ ነፍሳት ናቸውና አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

አለመለየቱ የሚያመጣው ጉዳት በሁለት ወገን ነው። ጉንዳኑን ምስጥ ነው ብለው መርዝ ያስረጩ እንደ ሆነ ገንዘቡ በከንቱ ይጠፋል፤ ጎተራ ውስጥ ከተረጨም እህሉ ይበከላል። ከዚህም በላይ ጉንዳን የምስጥ ዋነኛ ጠላት ስለ ሆነ፣ ጉንዳኑን የገደለ ሰው ምስጡን ይረዳዋል። በሌላው ወገን ምስጡን ጉንዳን ነው ብለው ቸል ያሉ እንደ ሆነ፣ በአቅራቢያ ያለው መኖሪያ ሳይታወቅ ቀርቶ ጉዳቱ የሚታየው በቆሎው መውደቅ ሲጀምር ነው።

ዛሬ በየወረዳው የእጅ ስልክ ስላለ፣ ባለ እርሻውም ሆነ የቀበሌው ሠራተኛ ያየውን ነፍሳት በቅርብ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለመላክ ይችላል። ፎቶግራፉ የተቀበለው ሹም የነፍሳት ትምህርት የተማረ መሆን አያስፈልገውም። ሦስት ነገሮችን በተራ ቢመለከት ይበቃዋል፤ እነርሱም ወገቡ፣ ቀንዱና የክንፉ ርዝመት ናቸው።

ምልክት መስለው ስለሚያሳስቱ ነገሮች

ሦስቱ ምልክቶች ከመነገራቸው በፊት፣ ሰዎች ምልክት ነው ብለው የሚይዙትን ግን ያልሆነውን ማስወገድ ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው መልኩ ነው። ኩይሳ ሲፈርስ ወይም እንጨት ሲፈለጥ የሚታየው ምስጥ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በመብራት ላይ የወደቀውን ቡናማ ወይም ጥቁር ነፍሳት አይተው «ይህ ነጭ አይደለምና ምስጥ አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን ነጩ ከመሬት በታች የሚውለው ሠራተኛው ነው። ክንፍ አውጥቶ ወደ ብርሃን የሚወጣው ምስጥ ቆዳው ጠንከር ያለና የጠቆረ፣ ዓይኑም የሚታይ ነው። እንግዲህ መልክ ምስክር ሊሆን አይችልም።

መጠኑም እንዲሁ ነው። ትልቅ ኩይሳ ከሚሠራው ምስጥ የሚወጣው አሸን ከነክንፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ኩይሳ ሳይሠራ በእርሻ ውስጥ ተሠውሮ ከሚኖረው ትንሹ ምስጥ የሚወጣው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ጉንዳንም እጅግ ትንሽ የሆነ አለ፤ እጅግ ትልቅ የሆነም አለ። ክንፍ መኖሩና በዝናብ ጊዜ መውጣቱም አስቀድሞ እንደ ተነገረው ለሁለቱም የጋራ ነው።

1ኛ፤ ስለ ወገቡ

መጀመሪያ የሚታየው ወገብ ነው። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ ነውና ወገቡ እንደ እነርሱ የቀጠነ ነው። ደረቱ ካበቃ በኋላ አካሉ ክር እስኪመስል ድረስ ይጠብና ከዚያ በኋላ ሆዱ ይጀምራል። በዚያ ቀጭን ቦታ ላይም አንድ ወይም ሁለት ትንሽ እብጠት እንደ ቋጠሮ ሆኖ ይታያል። ቋጠሮው የጉንዳን ብቻ ምልክት ስለ ሆነ፣ በፎቶግራፉ ላይ በግልጥ ከታየ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልግም።

ምስጥ ግን ምንም እንኳ በኑሮው ጉንዳን ቢመስል በዘሩ ከጉንዳን እጅግ የራቀ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት የቅርብ ዘመዱ በረሮ ነው። ስለዚህ እንደ በረሮ ደረቱና ሆዱ በአንድ ስፋት ተያይዘው ይወርዳሉ፤ መካከላቸው አይጠብም። ከጎን ሲያዩት አካሉ ከደረቱ እስከ ሆዱ ጫፍ እንደ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል።

በዚህ ምልክት ላይ የሚያጋጥመው ችግር ክንፉ ነው። ሁለቱም ነፍሳት ሲያርፉ ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ ስለሚያጥፉ፣ ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ወገቡን ይሸፍነዋል። ከላይ ብቻ የተነሣውን አይቶ «ወገብ የለውም፤ እንግዲህ ምስጥ ነው» ብሎ መፍረድ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስህተት ነው። ወገቡ የሚታየው ከጎን ወይም በጀርባው አጋድመው ከሆዱ በኩል ሲያነሡት ነው።

2ኛ፤ ስለ ቀንዱ

ሁለተኛው ምልክት በራሱ ላይ የሚወጡት ሁለቱ ስስ ቀንዶች ናቸው፤ በዘመኑ ትምህርት አንቴና ይባላሉ። የምስጥ ቀንድ ቀጥ ያለ ወይም ጥቂት ደገን ያለ ሆኖ፣ ትናንሽ ክብ አንጓዎች ተያይዘው የሠሩት ነው፤ በቅርብ ሲያዩት በክር የተሰካ የመቁጠሪያ ዶቃ ይመስላል። በአንጓዎቹ መካከል ጎልቶ የረዘመ የለም።

የጉንዳን ቀንድ ግን እንደ ሰው ክንድ ታጣፊ ነው። ከራሱ ሲወጣ መጀመሪያ አንድ ረጅም አንጓ አለ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክርን ይታጠፍና ትናንሾቹ አንጓዎች ይከተላሉ። በሴቷ ጉንዳን ላይ ይህ ክርን በጣም ግልጥ ነው። በወንዱ ላይ ግን በብዙ ዓይነት ጉንዳን የመጀመሪያው አንጓ አጭር ስለ ሆነ መታጠፉ በደንብ አይታይም። ስለዚህ የታጠፈ ቀንድ ካዩ ጉንዳን ነው ማለት ይቻላል፤ የታጠፈ ባያዩ ግን በዚህ ብቻ ምስጥ ነው ማለት አይቻልም። ያን ጊዜ ወደ ወገቡና ወደ ክንፉ መመለስ ይገባል።

ደግሞ ነፍሳቱ ሞቶ ከደረቀ ቀንዱ ይሰበራል ወይም ይጠቀለላል፤ በሕይወት ሳለም ቀንዱን ዘወትር ስለሚያንቀሳቅስ በፎቶግራፉ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለማንሣት የሚመረጠው አሁን የሞተ ወይም በብርድ የደነዘዘ ነው።

3ኛ፤ ስለ ክንፉ ርዝመት

ሦስተኛው ምልክት ከሁለቱ ይልቅ ከሩቅ የሚታይና ለመስፈር የሚቀል ነው። የምስጥ አራቱም ክንፎች በርዝመትና በቅርጽ እኩል ናቸው። የቀድሞ ሊቃውንት ለምስጥ ወገን በግሪክኛ ያወጡለት ስም ትርጓሜው «እኩል ክንፍ» የሆነው ስለዚህ ነው። ክንፎቹም ከአካሉ እጅግ ይረዝማሉ። በጀርባው ላይ ሲታጠፉ ከሆዱ ጫፍ አልፈው የአካሉን ያህል ሊተርፉ ይችላሉ።

የጉንዳን ግን የፊት ክንፎቹ ከኋለኞቹ በጉልህ ይበልጣሉ። የኋለኛው ክንፍ ትንሽ ሆኖ በጥቃቅን መንጠቆዎች ከፊተኛው ጋር ስለሚያያዝ፣ በሚበርበት ጊዜ ሁለቱ አንድ ክንፍ ይመስላሉ። ሲታጠፉም ከሆዱ ጫፍ ብዙ አይተርፉም። ሰው ሁለት ክንፍ ብቻ ያለው የሚመስለው ነፍሳት ሲያጋጥመው፣ የኋለኛው በፊተኛው ሥር ተሸፍኖ እንደ ሆነ በስንጥር ዘርግቶ ማየት አለበት።

የጉንዳን የፊት ክንፍ በጠርዙ አጠገብ ብዙ ጊዜ አንድ ጠቆር ያለ ነጥብ አለው፤ ጅማቶቹም ጥቂትና ጎላ ያሉ ሆነው በመካከላቸው እንደ ተከለለ መስክ ያለ ቦታ ይተዋሉ። የምስጥ ክንፍ ጅማቶች ከፊተኛው ጠርዝ በቀር ስስና ደብዛዛ ናቸው።

ስለ ክንፉ ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ። የምስጥ ክንፍ ከሥሩ አጠገብ እንደ ተሰነጠቀ መሥመር ያለ ደካማ ቦታ ስላለው፣ ነፍሳቱ መሬት እንደ ነካ በቀላሉ ይረግፋል፤ በነፍሳቱ ላይም አራት ትናንሽ ጉርዶች ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ጧት ነፍሳቱን ዶሮና ወፍ ለቅመው ጨርሰውት በመብራቱ ሥር የተቆለለ ክንፍ ብቻ ቢገኝ፣ እርሱም ይናገራል። ከክምሩ አሥር ያህሉን አንሥቶ በነጭ ወረቀት ላይ በመደዳ ቢደረድሩትና ሁሉም በአንድ ርዝመት ቢሆኑ የአሸን ክንፍ መሆኑ ይታወቃል።

ፎቶግራፉ እንዴት እንደሚነሣ

ከየቀበሌው የሚላከው ፎቶግራፍ ለፍርድ እንዲመች ሁለት ጊዜ ይነሣ፤ አንዱ ከጎን ወገቡና ቀንዱ እንዲታይ፣ ሁለተኛው ከላይ በአንድ ወገን ያሉት ክንፎች ተዘርግተው እንዲታዩ። ነፍሳቱ በነጭ ወረቀት ላይ ይደረግ፤ በአጠገቡም የተማሪ ማስመሪያ ይቀመጥ። ስልኩን እጅግ ማስጠጋት ሥዕሉን ያደበዝዘዋልና ጥቂት አርቆ አንሥቶ በኋላ ማጉላት ይሻላል። ብርሃኑ የጧት ወይም የማታ የጎን ብርሃን ቢሆን የወገቡ ቋጠሮ ጥላ ጥሎ ጎልቶ ይታያል። ከፎቶግራፉ ጋርም ቀኑ፣ ሰዓቱና ነፍሳቱ የተገኘበት ቦታ ይጻፍ፤ ይኸውም ከመሬት ሲወጣ ታይቶ እንደ ሆነ ወይም በመብራት ላይ ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ተለይቶ ይገለጥ።

ሁለት ፎቶግራፎች ለምሳሌ

አሠራሩ እንዲገለጥ የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። በግንቦት ወር በኢጃጂ አካባቢ አንድ ባለ እርሻ «ምስጥ በእርሻዬና በጎተራዬ ወጣብኝ፤ መርዝ ይሰጠኝ» ብሎ ሁለት ነፍሳት በፎቶግራፍ ላከ እንበል። አንደኛው ማታ ከበቆሎው እርሻ ዳር ከመሬት ቀዳዳ ሲወጣ የተያዘ ነው፤ ሁለተኛው ቀን ከጎተራው ግድግዳ ሥር የተገኘ ነው። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ክንፋም ናቸው።

በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ነፍሳቱ ከጎን ሲታይ ደረቱና ሆዱ በአንድ ስፋት ተያይዟል፤ ቋጠሮ የለም። ቀንዱ ቀጥ ያለና ዶቃ የመሰለ ነው። በማስመሪያው ሲሰፈር አካሉ 14 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ክንፉ 26፣ የኋላ ክንፉም 26 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ክንፎቹ እርስ በርሳቸው እኩል፣ ከአካሉም ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጉ ናቸው። ሦስቱም ምልክቶች ተስማምተዋልና ይህ አሸን ነው።

በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ነፍሳቱ ከላይ ብቻ ስለ ተነሣ ወገቡ በክንፉ ተሸፍኗል። ችኩል ሰው በዚህ ምስጥ ነው ይል ነበር። ነገር ግን ቀንዱ ሲታይ በረጅም አንጓ ጀምሮ እንደ ክርን ታጥፏል። ክንፉ ሲሰፈርም ፊተኛው 9፣ ኋለኛው 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ አካሉ 8 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ክንፉ ከሆዱ ጫፍ ጥቂት ብቻ አልፏል። ሁለት ምልክቶች ጉንዳን ነው ብለው መስክረዋል። ሦስተኛውን ለማረጋገጥ ከጎን የተነሣ ፎቶግራፍ እንዲላክ ቢታዘዝና ቢመጣ፣ በቀጭኑ ወገብ ላይ ቋጠሮው ይታያል።

እንግዲህ ለአንዱ አቤቱታ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ለጎተራው መርዝ አይታዘዝም። ለእርሻው ደግሞ አሸኑ ራሱ በቆሎ እንደማይበላ፣ የሚበላው በመሬት ውስጥ ያለው ሠራተኛ መሆኑ ይገለጥለታል። ስለዚህ በሚበረው ላይ መርዝ መርጨት ጥቅም የለውም። ጥቅሙ የወጣበትን ቀዳዳ በችካል ምልክት አድርጎ መኖሪያውን መፈለግ ነው። ምስጥ አሸን የሚያስወጣው መኖሪያው ከተመሠረተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና፣ በእርሻው ውስጥ ከመሬት ሲወጣ መታየቱ ያረጀና የበረታ መኖሪያ እዚያው እንዳለ ያስረዳል። በመብራት ላይ ብቻ የተገኘ ቢሆን ግን ከሌላ ስፍራ በርሮ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ ቤት ምስጥ ገብቷል ብሎ ለመፍረድ አያበቃም።

ፎቶግራፉ ስለማይነግረው ነገር

እነዚህ ሦስት ምልክቶች ምስጥን ከጉንዳን ይለያሉ እንጂ የምስጡን ዓይነት አይነግሩም። ዓይነቱ መታወቁ ግን የሚወሰደውን እርምጃ ይለውጠዋል። ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ ኩይሳው ተቆፍሮ ንግሥቲቱ ከተቀመጠችበት የጭቃ ክፍል ወጥታ ልትገደል ትችላለች። ኩይሳ የማይሠራው ግን መኖሪያው በሰፊ መሬት ሥር ተበታትኖ ስለሚገኝ ይህ ዘዴ አያገለግልበትም። ዓይነቱን ለማወቅ ከመኖሪያው ውስጥ ራሱ ትልቅ፣ መንጋጋው የረዘመው ወታደሩ ምስጥ ተይዞ፣ ከሐኪም ቤት በሚገኝ 70 ከመቶ አልኮል ውስጥ ተነክሮ በአምቦ ወይም በባኮ ወዳለው የግብርና ምርምር ማዕከል መላክ አለበት። ተራ አረቄ ደካማ ስለ ሆነ ነፍሳቱን ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ አያቆየውም።

በፎቶግራፍ ከሚያስቸግሩት ደግሞ አንድ አለ። በመንገድ ላይ በሰልፍ ከሚሄደው ከጥቁሩ ጉንዳን ወገን የሆነው ወንድ ማታ ወደ መብራት ይመጣል። ትልቅ፣ ቡናማና ጠጉራም ነው፤ ሆዱም ረጅምና ድቡልቡል ስለ ሆነ ወገቡ የቀጠነ አይመስልም፤ ቀንዱም አይረዳም። ብዙዎች ትልቅ አሸን ወይም ተርብ ይሉታል። እርሱን የሚለየው ክንፉ ነው፤ ፊተኛውና ኋለኛው እኩል አይደሉም፤ በቀላሉም አይረግፉም።

ጥንቃቄው ከንቱ አለመሆኑን የወለጋ ነገር ያስታውሳል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ምስጥ እርሻና ግጦሽ ስላጠፋ ኩይሳዎች አልድሪን በሚባል መርዝ ይታከሙ ነበር። ይህ መርዝ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በግንቦት 1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው የዓለም ስምምነት ከተከለከሉት አንዱ ሆኗል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች። ስለዚህ ማንም ሹም በአሮጌ መጋዘን የተገኘውን መርዝ አሸን ታየ ብሎ ማደል አይገባውም።

እንግዲህ የመርዝ ወይም የኩይሳ ቁፋሮ ጥያቄ የቀረበለት የወረዳ ሹም አስቀድሞ ከጎንና ከላይ የተነሡትን ሁለት ፎቶግራፎች ይጠይቅ፤ ወገቡን፣ ቀንዱንና ክንፉን በየተራ ተመልክቶ ያየውን በጥያቄው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከሦስቱ ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ በግልጥ ታይተው ካልተስማሙ ውሳኔውን ያቆይና ነፍሳቱ ራሱ እንዲመጣለት ያዝዝ።